ለዋልካ ሜዳ የሚሆነው ታኬታ የትኛው ነው? ሶሉን፣ ልኩን እና አስመስሎ የተሠራውን ስለ መለየት

ሽንፋ፦ ከሽንፋ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ቆላ ኳስ የሚጫወት ወይም ማልዶ የሚሮጥ ወጣት ጫማ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ቀጥሎ በጎኑ ያለውን ምልክት፣ በመጨረሻም ዋጋውን። ጫማውን ገልብጦ ሶሉን የሚመረምር ጥቂት ነው። ጫማው ለየትኛው መሬት እንደተሠራ የሚናገረው ግን ሶሉ ነው። የቆላው መሬት ደግሞ በገበያ ከሚገኙት ታኬታዎች ከብዙዎቹ ጋር የማይስማማ ጠባይ አለው። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ወይም ጉልበቱ የተጎዳበት ወጣት ለሳምንታት ከኳሱ ብቻ ሳይሆን ከአረሙም፣ ከአጨዳውም፣ ከቀን ሥራውም ስለሚቀር፣ የተሳሳተ ጫማ ዋጋ ለነጋዴው በተከፈለው ብር ብቻ አያበቃም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። በመተማና በዙሪያው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት፣ ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ የሚዘልቀው ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በአፈር ሳይንስ ቨርቲሶል የሚባለው ይህ አፈር ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ዓይነት በብዛት ይዟል። በክረምት ውኃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ ያኔ እግር ላይ ተጣብቆ አይለቅም። ዝናቡ ቆሞ ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ይኮማተርና ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቆቹ መካከል የሚቀረው ገላ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ስለዚህ በሐምሌ ጭቃ የነበረው ሜዳ በመጋቢት ድንጋይ ነው። አንድ ታኬታ ለሁለቱም ይሆናል ብሎ መግዛት በሐምሌም በመጋቢትም በአንድ ዓይነት ማረሻ ይታረሳል እንደማለት ነው።

አርሶ አደሩ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዋልካ የሚታረስበት ጊዜ አጭር ነው፤ በጣም ሲርስ በሬውም ትራክተሩም ይሰምጣሉ፣ በጣም ሲደርቅ ማረሻው አይገባም። በሁለቱ መካከል አፈሩ በእጅ ተጨብጦ የሚያዝ፣ ነገር ግን ጣት ላይ የማይጣበቅባቸው ጥቂት ቀናት አሉ። መደብር ውስጥ በብዛት የሚሰቀለው የታኬታ ዓይነት የተሠራው ልክ ለእንዲህ ያለው መሬት መሆኑን ማወቅ ለሽንፋ ተጫዋች ከሁሉ የሚጠቅም ነገር ነው። በተቀሩት ወራት ያ ታኬታ ቦታውን የሳተ ዕቃ ነው።

የታኬታው ጥርሶች ምን ይናገራሉ?

ታኬታ ሠሪዎች ጫማው ለየትኛው ሜዳ እንደሆነ በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያመለክታሉ። ፊደላቱ ብዙውን ጊዜ በካርቶኑ ላይ፣ አንዳንዴም በሶሉ ወይም በጫማው ጎን ይጻፋሉ። በቆላው ገበያ ለሚገዛ ሰው ሦስቱን ማወቅ ይበቃዋል።

«ኤፍ ጂ» የሚለው ጽሑፍ ጠንከር ላለ የሣር ሜዳ ማለት ነው። ሶሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን ከእሱ ጋር አብረው የተቀረጹ፣ በአብዛኛው ከአሥር እስከ አሥራ አራት የሚደርሱ ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ የተቀየሱት ከሥር ትንሽ እርጥበት ወዳለው፣ ከላይ ሣር ወደ ለበሰ መሬት እንዲገቡ ነው። «ኤስ ጂ» ለረጠበ ሜዳ ነው፤ ጥርሶቹ ጥቂትና ረጃጅም ናቸው። በተለመደው አሠራሩ አራቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከተረከዝ በኩል ሲሆኑ ከብረት የተሠሩና በመፍቻ የሚፈቱ ናቸው። «ቲ ኤፍ» ደግሞ መጀመሪያ የተሠራው ለአጫጭር ሰው ሠራሽ ሣር ነው። ሶሉ ሙሉ በሙሉ ጎማ ሲሆን በላዩ ላይ ብዙ አጫጭርና ትናንሽ ጥርሶች ተበትነዋል፤ በላስቲክ ስፌት የተያዘ የስፖርት ጫማ ይመስላል። አምራቾቹ ስለ ዋልካ አስበው ባይሠሩትም፣ በደረቅ ወራት ለቆላው ሜዳ የሚሆነው ይኸው ሦስተኛው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥርስ ሥራውን የሚሠራው መሬት ውስጥ ሲገባ ነው። የኤፍ ጂ ጥርስ በደረቀ ዋልካ ላይ ሲያርፍ አይገባም፤ ተጫዋቹ በአሥራ ሁለት ጠጠሮች ላይ እንደቆመ ሰው ይሆናል። ክብደቱ በሙሉ በእነዚያ ጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሚያርፍ መጀመሪያ ውስጥ እግሩን ያቃጥለዋል፣ ቀጥሎ ተረከዙ ይታመማል። ከዚህ የሚብሰው እግሩ ከመሬቱ ከፍ ብሎ መቆሙ ነው። ከጎን ያሉት ጥርሶች የጉብታ ጫፍ ሲረግጡ ጫማው ይጋደማል፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው በእንዲህ ያለ ቅጽበት ነው። ብዙ አጫጭር የጎማ ጥርሶች ያሉት ሶል ግን ክብደቱን በሰፊው ይከፋፍላል፤ እግሩንም ወደ መሬት ያቀርበዋል፤ ጎማው ራሱ የደረቀውን ገጽ ይይዛል።

በእርጥብ ዋልካ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የቲ ኤፍ ጥርሶች ተቀራራቢ በመሆናቸው ሸክላው በመካከላቸው ይሞላል፤ ከጥቂት ሩጫ በኋላ ሶሉ እንደ ምጣድ ልስልስ ይሆናል፤ ተጫዋቹም ይንሸራተታል። ኤፍ ጂውም ብዙ አይሻልም። ራቅ ራቅ ብለው የተተከሉት የኤስ ጂ ጥርሶች ጭቃውን የተሻለ ይጥላሉ። ይሁን እንጂ እውነተኛው የክረምት ዋልካ የተሠራለትን ጫማም ያሸንፋል። የጫማው ጥርስ ሰምጦ ሲያዝና ተጫዋቹ በሙሉ ኃይል ሲዞር፣ እግሩ እንደተተከለ ይቀራል፤ የሚዞረው ጉልበቱ ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ኤስ ጂ ከመግዛት ይልቅ ጨዋታውን አሸዋማ ወይም ጠጠር ወዳለበት፣ ውኃ ወደማይተኛበት ቦታ ማዛወር የተሻለ ነው። የብረት ጥርሱ ከዚህ ሌላ አንድ ችግር አለበት፤ በደረቅ መሬት ላይ ጫፉ ይበላና ይሳላል፣ የሌላውንም ተጫዋች እግር ይቀዳል።

ሜዳው ዛሬ የትኛውን ጫማ እንደሚፈልግ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ተጫዋቹ ሜዳው መሐል ቆሞ በተረከዙ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይምታ። ተረከዙ ምልክት ካልተወ ሜዳው የጎማ ሶል ሜዳ ነው። የጣት ጥፍር ያህል ጥልቀት ያለው ንጹሕ ምልክት ከተወና አፈሩ ጫማው ላይ ካልተጣበቀ፣ ኤፍ ጂ የሚለበስበት ቀን ያ ነው። ተረከዙ ሰምጦ ሲወጣ አፈሩን ይዞ ከመጣ የዚያን ቀን መጫወት ለተጫዋቹም ለሜዳውም አይበጅም፤ በጭቃ ጊዜ የተረገጠ ዋልካ ሲደርቅ የእግር ጉድጓዶቹን እንደያዘ ይጠነክራልና።

አንድ ጥንድ ብቻ መግዛት ለሚችል፣ ማለትም ለአብዛኛው ሰው፣ ምርጫው እንግዲህ ግልጽ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት የሚጫወት ከሆነ የጎማ ሶል ያለውን ቲ ኤፍ ይግዛ። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ሄዶ በሣር ሜዳ የሚወዳደር የቡድን ተጫዋች ከሆነ ኤፍ ጂ ያስፈልገዋል፤ ያም ቢሆን ጥርሶቹ አጠር ብለው ክብ የሆኑትን ይምረጥ። እንደ ስለት ረዘም ያሉት ጥርሶች ለስላሳ ሣር ላይ ለመፈትለክ ይጠቅማሉ፤ ጠንካራ መሬት ላይ ግን ክቡ በቀላሉ ይዞራል፣ ስለቱ ይይዛል።

ማንኛውም ሶል የማያድነው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ስንጥቁ ነው። የጫማ ጫፍ የሚገባበት ስንጥቅ ያለው ሜዳ በቲ ኤፍም አይሮጥበትም። በየካቲትና በመጋቢት ስንጥቆቹን በአሸዋ መሙላት ለአንድ ወር ያህል ይረዳል። በዚያው በዋልካ መሙላት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የተሞላውም አፈር ያው ይኮማተራልና።

ለሩጫስ?

የሩጫ ጫማ ከታኬታ የሚለየው በዋናነት በመካከሉ ባለው ስፖንጅ ነው። ከላይ እግሩን የሚይዘው ጨርቅ፣ ከታች መሬቱን የሚነካው ጎማ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ድንጋጤውን የሚቀበለው ስፖንጅ አለ። በሽንፋ ዙሪያ የሚሮጠው በጠጠር መንገድ፣ በእግር መንገድና በደረቁ ወራት በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ነው። (የሽንፋ ወንዝ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ረሃድ ይባላል።) ለእንዲህ ያለው መሬት ከታች ያለው ጎማ ከጫፍ እስከ ተረከዝ የተሸፈነ፣ ትናንሽ ጉርብጥብጦች ያሉት፣ ሰፋ ያለ መርገጫ ያለው ጫማ ይመረጣል። ስፖንጁ ራቁቱን መሬት የሚነካበት ጫማ ለአስፋልት ነው፤ በጠጠር ላይ ቶሎ ይበላል።

በቴሌቪዥን የሚታዩት የውድድር ጫማዎች እዚህ ላይ ያሳስታሉ። አትሌት ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም ነበር። ዋጋው 500 ዶላር ሆኖ የተሠራው ግን ለአንድ ማራቶን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ጫማ መልክ ይዞ በገበያ የሚቀርብ ነገር ሁሉ ሁለት ጉዳት አለው። ከፍ ያለውና ለስላሳው ስፖንጅ ባልተስተካከለ መንገድ ላይ እግርን ያወላግዳል፤ በዝቅተኛ ዋጋ የቀረበው ደግሞ በአብዛኛው የታዋቂው ጫማ መልክ እንጂ ሥሪት የለውም።

ልኩን በቁጥር ሳይሆን በሳንቲ ሜትር

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከውድድሩ በፊት ለእግሩ የሚስማማ ጫማ አለመገኘቱ ግን ብዙም አይወራም። በባዶ እግሩ ልምምድ የለመደ ሰው ስለነበር እግሩን የሚጎዳ ጫማ ከማድረግ ይልቅ ያለ ጫማ መሮጡ ተሻለው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ በድጋሚ አሸንፏል። ልኩ ያልሆነ ጫማ ከጫማ ማጣት የከፋ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

እግር የሚለካው ወደ ማታ ነው። ቀን ሙሉ ሲሠራ የዋለ እግር ያብጣል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚያልፍበት ቆላ ደግሞ እብጠቱ ይጨምራል። ሲጫወትም ሲሮጥም እግሩ የሚኖረው መጠን ይኸው ያበጠው ነው። ወረቀት ከግድግዳ ሥር ይነጠፋል፤ ተለኪው የሚጫወትበትን ካልሲ አድርጎ ተረከዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቆማል፤ ክብደቱን በእግሩ ላይ ያሳርፋል። ሌላ ሰው ከረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ መስመር ያሰምራል። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ ሁለተኛው የሚበልጥበት ሰው ብዙ ነው። ሁለቱም እግሮች ይለካሉ፤ የሚወሰደው የትልቁ ነው።

የአንድ ወጣት ቀኝ እግር 26 ሳንቲ ሜትር፣ ግራው 26.3 ሆነ እንበል። ልኩ 26.3 ነው። በጫማ ምላስ ውስጠኛ ገጽ ወይም በጎኑ ውስጥ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውሮፓ ቁጥሮች አብረው ይጻፋሉ፤ አጠገባቸው ግን በሳንቲ ሜትር ወይም በሚሊ ሜትር የተጻፈ የእግር ርዝመት አለ። ወጣቱ ለታኬታ 26.5 ወይም 265 የተጻፈበትን ይፈልጋል። በናይኪም በአዲዳስም ይህ በአውሮፓ ቁጥር 42 ነው፤ በሌላ ፋብሪካ ግን ይኸው ርዝመት 41 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «እኔ 42 ነኝ» ብሎ መግዛት የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ለሩጫ ደግሞ አንድ እርከን ከፍ ብሎ 27 የተጻፈበትን ይውሰድ፤ ረጅም መንገድ ሲሮጥ እግር ወደ ፊት ይገፋል፣ ቦታ ያጣ ጥፍርም ይጠቁራል።

ቁጥሩ ጫማውን ወደ እጅ ለማቅረብ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ የእግር ነው። ገዢው ሁለቱንም አድርጎ፣ ክሩን አጥብቆ ይቁም። በሩጫ ጫማ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፤ በታኬታ ግማሹ ይበቃል። ተረከዙ ሲራመድ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም። ከጎን በኩል ትንሿ ጣት ከሶሉ ጠርዝ ወጥታ ጨርቁን ከገፋች ጫማው ጠባብ ነው፤ «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለው የሻጭ ቃል ለቆዳ ጫማ እውነትነት ቢኖረውም ለፕላስቲክ አይሠራም። ሰፊ እግር ላለው ሰው መፍትሔው የሌላ ሠሪ ጫማ መሞከር ነው። ቁጥሩን ማሳደግ ጫማውን የሚያሰፋውን ያህል ያስረዝመዋል፤ እግሩም ውስጡ ይንሸራተታል።

ወላጆች ለልጆች ለሁለት ዓመት እንዲሆን ብለው የሚገዙት ታኬታ ከዚሁ ችግር አያመልጥም። አንድ ሳንቲ ሜትር ተርፎት በወፍራም ካልሲ የሚሞላ ከሆነ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ልጁ በጫማው ውስጥ እየዋኘ ይጫወታል፤ ጫማው ሲዞር እግሩ ይዘገያል።

አስመስሎ የተሠራውን መለየት

በድንበር ከተማ ገበያ ከየአቅጣጫው የመጣ ዕቃ ይገናኛል፤ የታዋቂ ድርጅት ምልክት ያለበት ጫማም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ዕቃ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ምልክት የሌለው ርካሽ ጫማ እና አስመስሎ የተሠራ ጫማ አንድ አለመሆናቸው ነው። የመጀመሪያው የሆነውን ነው የሚለው፤ ዋጋውም ለሶሉና ለስፌቱ ነው። ሁለተኛው ግን ለምልክቱ ያስከፍላል፤ ለምልክቱ የተከፈለው ብር ደግሞ ከሶሉ ላይ የተቀነሰ ነው። ገዢው በአንድ ዋጋ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለበት ምልክት የሌለውን ቢወስድ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ምርመራው ከተለጠፈው ጽሑፍ ይጀምራል። አዲዳስ በስፖርት ጫማዎቹ ላይ የአውሮፓን ቁጥር የሚከፋፍለው በሲሶ ነው፦ 42፣ 42 ከ2/3፣ 43 ከ1/3፣ 44 እያለ ይሄዳል። 42.5 ወይም ክፍልፋይ የሌለው 43 የተጻፈበት የአዲዳስ ታኬታ ወይም የሩጫ ጫማ ከታየ መጠርጠር ይገባል። (ነጠላ ጫማዎቹ ላይ ግን ሙሉ ቁጥር ይሠራበታል።) የቀኝና የግራው ጽሑፍም ይነጻጸር፤ በአዲዳስ ጫማ የሁለቱ እግሮች ተከታታይ ቁጥር ይለያያል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ጽሑፉ ከአንድ ቅጂ የተባዛ ነው።

ናይኪ ለእያንዳንዱ የጫማ ዓይነትና ቀለም ስድስት ሆሄያት፣ ሰረዝ፣ ከዚያም ሦስት አሃዞች ያሉት መለያ ይሰጣል። ይህ መለያ በጫማው ውስጥም በካርቶኑም ላይ አንድ መሆን አለበት። ስልክ የያዘ ሰው መለያውን ጽፎ ሲፈልገው የሚወጣው ሥዕል በእጁ ካለው ጫማ ጋር በዓይነትም በቀለምም መግጠም ይኖርበታል። በአንድ መደብር የተደረደሩ ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ጫማዎች ሁሉም አንድ መለያ ከያዙ መልሱ ተገኝቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መለያው አለመግጠሙ ጫማው ሐሰተኛ መሆኑን ያሳያል፤ መግጠሙ ግን እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ጎበዝ አስመሳይ እውነተኛውን መለያ አይቶ መገልበጥ ይችላል። በስልክ የሚነበበው ባለ ነጥብ ምልክትም እንዲሁ ይገለበጣል። ስለዚህ ጽሑፉን ያለፈ ጫማ ወደ እጅ ምርመራ ይግባ።

በእጅ የሚመረመረው ሶሉ ነው። ጫማው ጫፉና ተረከዙ ተይዞ ሲታጠፍ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት በፊተኛው ሲሶ ላይ ነው። መሐሉ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ከሆነ እግርን የሚደግፍ ነገር ውስጡ የለም። ጭራሽ የማይታጠፍና ነጣ ያለ መስመር የሚያወጣ ፕላስቲክ ደግሞ ሳይቆይ ይሰበራል፤ በታኬታ ላይ ስብራቱ የሚጀምረው ከፊተኞቹ ጥርሶች ሥር ነው። ሶሉና የላይኛው ክፍል የሚገናኙበት ዙሪያ በጥፍር ይፈተሽ፤ ማስቲሹ ከመስመሩ ወጥቶ ከፈሰሰ ወይም በጣት ሲገፋ ክፍተት ካሳየ ከመጀመሪያው ዝናብ አያልፍም። በቲ ኤፍ ጫማ ዙሪያውን የሚታየው ስፌትም ይፈተሽ፤ አስመሳዮች ክር ሳይገባበት የስፌት ቅርጽ ብቻ በጎማው ላይ ያትማሉ። በመጨረሻም ሁለቱ ጫማዎች ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ከኋላ ይታዩ። አንዱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ፣ ምልክቶቹ በእኩል ከፍታ ካልተሰፉ ወይም አንዱ ጥርስ ጠረጴዛውን ካልነካ መመለስ ነው።

ልባሽ ጫማ፣ ገበያው ሰልቫጅ የሚለው፣ ሌላ ዓይነት ዓይን ይፈልጋል። እዚያ የሚያጋጥመው ችግር ከሐሰተኝነት ይልቅ እርጅና ነው። ጫማው እውነተኛ፣ ላዩም ንጹሕ ሆኖ ስፖንጁ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከስፖንጅ ዓይነቶች አንዱ ፖሊዩሪቴን፣ ሳይለበስ በመጋዘን ቢቀመጥ እንኳ ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሐደ በዓመታት ውስጥ ይፈረፍራል። ሶሉን በአውራ ጣት መጫን ነው፤ ሕያው ስፖንጅ ወዲያው ይመለሳል፣ የሞተው ጉድጓዱን ይዞ ይቆያል ወይም እንደ ደረቅ ዳቦ ይሰነጠቃል። ከጎን የሚታዩ ደቃቅ የተኛ መጨማደዶችም ያንኑ ይናገራሉ። ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ ልባሽ ደግሞ የቀድሞውን ባለቤት አረጋገጥ ይዞ ስለሚኖር አዲሱን እግር ወደዚያው ይጎትታል።

የተገዛው ጫማ ከማንም በላይ ጠላቱ ሙቀት ነው። ማስቲሽ በሙቀት ይለቃል፤ ታጥቦ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ የተተወ ጫማ ሶሉ ሲከፈት ሻጩን መውቀስ ብቻ አይበቃም። ዋልካው ሳይደርቅ በውኃ ይታጠብ፣ ከጥርሶቹ መካከል በእንጨት ይውጣ፣ ጫማውም በጥላ ሥር ይሰጣ። ጎማ ሶል ያለውን ጫማ ገና በአዲስነቱ፣ ከመጫወት በፊት፣ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ዙሪያውን ማሰፋት ዕድሜውን ያራዝመዋል። ይህ የሚሠራው ግን ጎማው ወደ ጎን ከፍ ብሎ የላይኛውን ክፍል በሚያቅፍበት ጫማ ላይ ብቻ ነው። የኤፍ ጂን ጠንካራ ፕላስቲክ ወስፌ ከበሳው ከቀዳዳው ይሰነጠቃል፤ እሱ ሲለቅ በአዲስ ማስቲሽ ተለጥፎና ታስሮ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት።